«ገለቶሚ» ብቻ ብሎ በሁለት ቋንቋ ተናገርኩ ማለት አይቻልም!

የጥር ሰርግ ተጀምሯልና ሳይረፍድ ልናገር። አማርኛ ተናጋሪ ሙሽራ ኦሮምኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ፊት ማይክ ይዞ ሰባት ደቂቃ በአማርኛ ያወራል፣ መጨረሻ ላይ «ገለቶሚ» ይላል፣ ድንኳኑ በጭብጨባ ይናጋል። የሙሽሪት እናት ግን ያን ሁሉ ሰዓት የገባት ያቺ አንዲት ቃል ናት። እሷም ብትሆን ተሳስታለች! «ገለቶሚ» ለአንድ እኩያ ወይም ለታናሽ የሚባል ነው። ለአማት «ገለቶማ» ነው የሚባለው። አማርኛ የለመደች ልጅ አባትህን «ተባረክ» ብትላቸው ምን ይሰማሃል? እንደዛ ነው።

«ፕሮግራም መሪው ይተርጉምለት» የምትሉ አላችሁ። አልስማማም። ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ሲተረጎም ንግግሩ እጥፍ ይረዝማል፣ ቀልዱ ግማሹን ሰው አስቆ ሌላውን ያስጠብቃል። ከሁሉም በላይ ግን «ልጃችሁን አደራ ተቀብያለሁ» የሚለው ቃል ከሙሽራው አፍ እንጂ ከቀጠሩት ሰው አፍ መውጣት የለበትም።

ታዲያ ምን ይደረግ? አራት ደቂቃ ይበቃል። መጀመሪያ ወደ ሙሽሪት ወላጆች ዞሮ፣ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል በኦሮምኛ፦ ማን እንደሆነ፣ ስላሳደጓት ልጅ ምስጋናው፣ የሚገባላቸው ቃል። ቀጥሎ ለራሱ ወላጆች በአማርኛ። ያንኑ አይድገም፤ ለእናቱ የሚለው ለአማቱ ከሚለው የተለየ ነውና። በሁለቱም ቋንቋ የሚደገመው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይሁን፣ ያ የሁለቱን ቤተሰብ አንድ መሆን የሚናገረው።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። ኦሮምኛውን በፊደላችን ጽፎ ማንበብ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን፣ የሚረዝመውንና የሚያጥረውን አይለይም። አርሲ ደጋ ያደገችን ሙሽራ አገር ሊያወድስ የፈለገ ሰው ወረቀቱ ላይ «በዳ» ብሎ ይጽፋል እንበል። ዳ ጠብቆ ሲነገር ደጋ ማለት ነው፤ ላልቶ ሲነገር ግን መጥፎ። አገራችሁ መጥፎ ነው ብሎ ቁጭ! በቁቤ ሲጻፍ ግን የሚጠብቀው ፊደል ሁለት ጊዜ ስለሚጻፍ ችግሩ የለም። እሱም ካስቸገረ፣ ሙሽሪት ወይም ወንድሟ በስልክ በድምጽ ይቅረጹለት፣ ሁለት ሳምንት እየሰማ ይለማመድ።

«አማርኛ ሁሉም ይሰማል» የሚለው ክርክር ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ልጃቸውን የሰጡ ሰዎች በራሳቸው ልጅ ሰርግ አስተርጓሚ ፈላጊ መሆን የለባቸውም። ለሽርሽሩ፣ ለኬኩ፣ ለካሜራው ስንት ወር ተዘጋጅተን፣ ለአንድ ደቂቃ ተኩል ንግግር ጊዜ አጣን ማለት ሰበብ ነው። ኦሮምኛ ተናጋሪው ሙሽራም ለአማርኛ ተናጋሪ አማቶቹ ያው ዕዳ አለበት።

ጥር ላይ የምትሞሸሩ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ይህ የቤት ሥራችሁ ነው። ሼር አድርጉት፣ ሚዜዎቹም ያንብቡት።