በከሚሴ የኦሮምኛ መዝሙር በየትኛው ፊደል ይጻፍ?

በከሚሴና በአካባቢዋ የኦሮምኛ መዝሙር ጽፎ ለማባዛት የተነሣ ሰንበት ተማሪ ሁሉ አንድ ክርክር ይጠብቀዋል። አንዱ «በግእዝ ፊደል ይጻፍ» ይላል፤ ሌላው «ልጆቹ የሚያነቡት ቁቤን ነው» ይላል። ሁለቱም እውነት ይዘዋል። በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ልጆች ኦሮምኛን በትምህርት ቤት የሚማሩት በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል ነው። እናቶቻቸውና አባቶቻቸው ግን፣ ከየኔታ ዘንድም ሆነ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩት፣ ዓይናቸው የለመደው ሀሁን ነው። በዘመቻው ኦሮምኛም የተሰጠው በዚሁ ፊደል ነበር። ቁቤ ይፋዊ ጽሕፈት የሆነው ከዚያ በኋላ፣ በጥቅምት 1984 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገ ጉባኤ ነው። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ በአንድ የመዝሙር ወረቀት ፊት ሁለት ዓይን ይዞ ይቆማል።

ክርክሩ የሚበላሸው ፊደሉ የሃይማኖት ምልክት ሲደረግ ነው። በአክሱም የቆመውን የንጉሥ ዒዛናን የድንጋይ ጽሑፍ እናስታውስ፤ በዚያ ላይ የግእዝ ቋንቋ አንድ ጊዜ በራሱ ፊደል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በሳባ ፊደል ተቀርጿል፤ በግሪክኛም ተጽፎበታል። የግብፅ እኅት ቤተ ክርስቲያንም የቅብጥ ቋንቋን የጻፈችው በግሪክ ፊደላት ነው፤ ግሪክኛ ለሌለው ድምፅ ብቻ ከቀደመው የግብፅ ጽሕፈት ጥቂት ምልክቶችን ጨመረች። ዛሬ ደግሞ ቅብጥ ማንበብ ለማይችሉ ምእመናን ያንኑ ጸሎት በዐረብኛ ፊደል ጽፋ ትሰጣለች። በተቃራኒው ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ውጭ የነበረው ኦነሲሞስ ነሲብ በ1899 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ ያሳተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተጻፈው በግእዝ ፊደል ነው። እንግዲህ ፊደል ብቻውን የማንን ትምህርት እንደያዘ አይናገርም።

ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ነው፤ የትኛው ጽሕፈት የቃሉን ድምፅ ሳያጎድል ይጠብቃል?

«በዳ» የሚለውን የኦሮምኛ ቃል እንውሰድ። «ዳ» ላልቶ ሲነበብ ክፉ ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ግን ደጋ ማለት ነው። በግእዝ ፊደል ሁለቱም አንድ ናቸው። በቁቤ የሚጠብቀው ድምፅ ሁለት ጊዜ ስለሚጻፍ መሳሳት የለም። «ቦሩ»ም እንዲሁ ነው፤ አናባቢው አጭር ሲሆን ነገ፣ ሲረዝም ድፍርስ ይሆናል፤ ቁቤ ረጅሙን አናባቢ ደግሞ ሲጽፈው የእኛ ሳልሳዊ፣ ካዕባዊና ሳብዓዊ ፊደል ርዝመትን አይለይም። ውኃ የሚለውን ቃል ደግሞ አንዱ ጸሐፊ «ቢሻን»፣ ሌላው «ብሻን» ብሎ ይጽፈዋል፤ አጭሩን ድምፅ በሳልስ ወይም በሳድስ ለመጻፍ ሁሉ የሚስማማበት ሥርዓት ስለሌለ።

«አማርኛስ መቼ ማጥበቅን ይጽፋል?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ «ገና»ን በዓሉን ወይም «እስካሁን»ን ለማለት የምንለየው ከዐውዱ ነው። ይህን የሚችለው ግን ቋንቋውን አስቀድሞ የሚያውቅ ነው። ኦሮምኛን ከወረቀቱ ላይ የሚማር አማርኛ ተናጋሪ ዘማሪ ዐውድ የለውም፤ ያየውን ብቻ ያዜማል።

ቁቤም የራሱ ችግር አለው። «ጥ»ን እና «ጭ»ን የሚወክሉት የላቲን ፊደላት በእንግሊዝኛ ሌላ ድምፅ አላቸው፤ ቁቤን ያልተማረ የከተማ ወጣት በእንግሊዝኛው ልማድ አንብቦ ቃሉን ያበላሸዋል። ቃላቱም ይረዝማሉ፤ በግእዝ ፊደል በሦስት ሆሄያት «ዋቀዮ» ተብሎ የሚጻፈው የእግዚአብሔር ስም በቁቤ ስምንት ፊደላት ይወስዳል። ዓይናቸው ለደከመ እናት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እኔ እንደሚመስለኝ መፍትሔው አንዱን ፊደል ማባረር ሳይሆን ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ነው። ከቁቤ ወደ ግእዝ ፊደል መገልበጥ ደንብ የሚከተል ሥራ ነው፤ ጥንድ ሆኖ የተጻፈው ሁሉ በአንድ ፊደል ይገባል። ከግእዝ ፊደል ወደ ቁቤ ሲኬድ ግን ገልባጩ «በዳ»ን ባገኘ ቁጥር መገመት አለበት። ስለዚህ የመዝሙሩ ዋና ቅጂ በቁቤ ይቀመጥ፤ ለወላጆች የሚታደለው ከእርሱ በግእዝ ፊደል ይገልበጥ። አሁን ብዙ ቦታ የሚሠራው ተገላቢጦሹ ነው፤ በፊደል የተጻፈ አሮጌ ወረቀት ይገኝና ቋንቋውን በውል የማያውቅ ልጅ ለጓደኞቹ በቁቤ ይጽፈዋል። ስሕተቱ የሚገባው እዚያ ላይ ነው፤ በቀጣዩም ቅጂ ይባዛል።

በግእዝ ፊደል በሚወጣው ቅጂ ላይ በሚጠብቀው ሆሄ ራስ ነጥብ ማድረግ ይቻላል። «ዸ»ም በ«ደ» እንዳይተካ ይጠንቀቁ፤ ከመባዛቱ በፊትም ኦሮምኛ አፋቸውን የፈቱበት አንዲት እናት ሰምተው ያርሙት።