የዶሮ ወጡ ስንተኛ ቀኑ ነው?

ጎበዝ፣ በዓል ባለፈ ቁጥር እኛ ቤት አንድ ክርክር አይጠፋም። እናቴ ድስቱን ከፍታ ታሸትና "ምንም አልሆነም" ትላለች። እኔ "እማዬ፣ ስንተኛ ቀኑ ነው?" እላለሁ። "ባዮሎጂህን ለተማሪዎችህ!" ተብዬ ዝም እላለሁ።

የዘንድሮው ፋሲካ ግን ዝም አላሰኘኝም። ወጡ ከእሳት የወረደው ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት ነው። "ትኩስ ነገር ፍሪጅ ያበላሻል" ተብሎ ከነድስቱ ውጭ አደረ። እሁድ ተበላ፣ የተረፈው ከሰዓት ፍሪጅ ገባ። ማክሰኞ ማታ ሞቅ አድርገን በላን። ሊነጋ ሲል ሦስታችንም በቁርጠትና በተቅማጥ መጸዳጃ ቤት ተሰለፍን። ሽታው ግን ደህና ነበር!

የበሰለ ዶሮ 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች በሆነ ፍሪጅ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል። የኛው ገና ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ታዲያ ምን ሆነ? እኔ የምጠረጥረው ያችን የቅዳሜ ሌሊት ነው። አንዳንድ ባክቴሪያዎች እንደ ዘር ያለ ጠንካራ ሽፋን ይሠራሉ፤ ወጡ ሲፈላ አይሞቱም። ትልቅ ድስት ደግሞ መሀሉ ለሰዓታት ለብ እንዳለ ይቆያል። ያኔ ነው የሚነቁትና የሚራቡት። ከዚያ በኋላ ፍሪጁ እድገታቸውን ያዘገያል እንጂ አይገድላቸውም።

ስለዚህ ቀኑ የሚቆጠረው ፍሪጅ ከገባበት ሳይሆን ከበሰለበት ነው። ውጭ መቆየት ያለበትም ቢበዛ 2 ሰዓት ነው። ሙቀቱ ካስጨነቃችሁ ጠለቅ ባላሉ ዕቃዎች ከፋፍሉት፣ ቶሎ ይበርዳል። በአራት ቀን የማያልቀውን መጀመሪያውኑ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት። ስታሞቁም የምትበሉትን ብቻ አውጡና እስኪፈላ አሙቁት። ደግሞ ማፍላት ቀኑን እንደ አዲስ አያስጀምርም፤ አንዳንዱ ባክቴሪያ የሚተወው መርዝ ቢፈላም አይጠፋም።

የመበላሸት ምልክትስ? ሥጋው ሲነካ ከዝልግልግ፣ እንደ ቦካ ሊጥ ከኮመጠጠ፣ ወይም ወጡ ሳይሞቅ አረፋ ካወጣ ሳትቀምሱ ድፉት። ጥብስ ወይም ቅቅል ከሆነ ግራጫ ወይም አረንጓዴ መልክ ያስታውቃል። ዶሮ ወጥ ላይ ግን በርበሬው መልኩን፣ ቅቤውና ኮረሪማው ሽታውን ይሸፍኑታል። ደግሞም ሽታ የሚያመጡትና ሆድ የሚያሳምሙት ባክቴሪያዎች ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው። መጥፎ ሽታ "አትብላ" ይላል፤ ጥሩ ሽታ ግን "ብላ" አይልም።

እኔ አሁን ክዳኑ ላይ ፕላስተር ለጥፌ "ቅዳሜ ማታ" ብዬ እጽፋለሁ። እማዬ ትስቃለች። ትሳቅ! ዶሮው ስንት ብር እንደተገዛ አውቃለሁ፣ መድፋቱ ያንገበግባል። ግን አምስተኛው ቀን ላይ ከአፍንጫዬ ይልቅ ፕላስተሩን አምናለሁ።