«አሚን ሳትሉ እንዳታልፉ» የሚለውን ኮመንት ከላይ አውርዱት!



ውድ ወንድምና እህቶች፣ ዛሬ የምጽፈው ቻናል ላላችሁና ለመክፈት ላሰባችሁ ነው። ትንሽ ሊያስቀይም ይችላል፤ ግን መባል አለበት።

ከቻናሎቻችን የአንዱን ቪዲዮ በዩቲዩብ ክፈቱና ወደ ኮመንቱ ውረዱ። ከሁሉም በላይ ፒን የተደረገው ምን ይላል? ብዙ ጊዜ «አሚን ሳትሉ እንዳታልፉ» ወይም «ላይክ፣ ሼር፣ ሰብስክራይብ ማድረግ እንዳትረሱ» ነው። ከሥሩ መቶ «አሚን»፣ ሌላ መቶ «ማሻአላህ» ተደርድሯል። በመሐል አንድ ሰው «ኡስታዝ፣ ሂሳቡ ላይ ስህተት ያለ መሰለኝ» ብሎ ጽፏል። ማንም አላየውም።

እኔ ይህን አማና ማጉደል እለዋለሁ። ለምን እንደምለው ላስረዳ።

ዩቲዩብ ላይ አንዴ የተለቀቀ ቪዲዮ በሌላ ቪዲዮ አይተካም። መቁረጥ ይቻላል፤ የተሳሳተውን ቃል በትክክለኛው መቀየር ግን አይቻልም። ከቪዲዮው በታች ያለው ማብራሪያ ሊስተካከል ይችላል፤ ነገር ግን ስልክ ላይ ታጥፎ ስለሚቀመጥ ብዙ ሰው አይከፍተውም፤ የከፈተውም እዚያው መልስ ሊሰጥበት አይችልም። ፒን የተደረገ ኮመንት ግን ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ይቀመጣል፣ መልስም ይቀበላል። ደግሞ ለአንድ ቪዲዮ አንድ ብቻ ነው፤ ሌላ ፒን ስታደርጉ የመጀመሪያው ይወርዳል። ያለችን አንዲት ቦታ ይቺ ናት። እሷንም ለላይክ ልመና አዋልናት።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። እንበልና አንድ ወንድማችን ስለ ወርቅ ዘካ የ12 ደቂቃ ቪዲዮ ሠራ። 6:40 ላይ «85 ግራም ወርቅ ያለው ሰው ኒሳብ ሞልቶለታል» አለ። ቁጥሩ የታወቀ ነው፤ ችግሩ 85 ግራም የሚባለው ለንጹህ ወርቅ፣ ማለትም ለ24 ካራት መሆኑን አለመናገሩ ነው። አንዲት እህት ለቁጠባ ያስቀመጠችው 90 ግራም ባለ 21 ካራት ወርቅ አላት፤ ሌላ ገንዘብ የላትም። ቪዲዮውን አይታ «ዘካ አለብኝ» ብላ ተነሳች። 90ን በ21 አባዝተን ለ24 ስናካፍል ግን ንጹህ ወርቋ 78.75 ግራም ነው፤ ኒሳብ አልሞላም። ሰደቃ ብትሰጥ መልካም ነው፤ ግዴታ ያልሆነባትን ግዴታ ነው ብሎ መንገር ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ወንድማችን ስህተቱን ሲያውቅ ምን ያድርግ? ቪዲዮውን ቢያጠፋው የቀረው ትክክለኛ ትምህርትም አብሮ ይጠፋል። ዝም ቢል ስህተቱ ይዛመታል። ትክክለኛው መንገድ በራሱ ቻናል ስም ኮመንት ጽፎ፣ ከጎኑ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክቶ Pin የሚለውን መምረጥ ነው። ጽሑፉም እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ማስተካከያ፦ 6:40 ላይ 85 ግራም ያልኩት ለ24 ካራት ነው። የወርቃችሁን ግራም በካራቱ አባዙና ለ24 አካፍሉ፤ ውጤቱ 85 ከደረሰ ኒሳብ ሞልቷል። ለምሳሌ 90 ግራም ባለ 21 ካራት 78.75 ይሆናል፤ ብቻውን አይሞላም። ጥሬ ገንዘብ ካላችሁ ግን አብሮ የሚታሰብበትን 9:15 ላይ ተመልከቱ። ቪዲዮው ለቁጠባ ስለተቀመጠ ወርቅ ነው፤ ሴቶች ስለሚያጌጡበት ወርቅ መዝሀቦች ስለሚለያዩ ኡስታዛችሁን ጠይቁ።
ጥያቄ፦ በከተማችሁ ወርቅ ቤቶች ሲመዝኑ የፈርጡን ክብደት ይቀንሳሉ? የከተማውን ስምና አመዛዘኑን ብቻ ጻፉ። ያላችሁን የወርቅ መጠን አትጻፉ።»

አሠራሩን ልብ በሉ። ማስተካከያው መጀመሪያ መጥቷል፤ ምክንያቱም ረጅም ኮመንት ስልክ ላይ ከጥቂት መስመር በኋላ ይታጠፋል፣ ሰው የሚያየውም መጀመሪያውን ነው። 6:40 እና 9:15 እንዲህ ሲጻፉ ተነክተው ወደዚያ ደቂቃ የሚወስዱ ይሆናሉ። ስለ ጌጥ ወርቅ የተጻፈው አንድ ዓረፍተ ነገርም ያለ ምክንያት አልገባም። ሐነፊዮች በጌጥ ወርቅ ላይ ዘካ አለ ይላሉ፤ ሻፊዒዮች ደግሞ ለተፈቀደ ጌጥ የለበትም ይላሉ። አገራችን ውስጥ ሁለቱም አሉ። ቪዲዮው የቱን እንደሚመለከት ካልተነገረ ኮመንቱ የመዝሀብ ክርክር አደባባይ ይሆናል።

ጥያቄውንም እዩት። «አስተያየታችሁን ጻፉልን» አይልም፤ እንዲህ ለሚል ጥያቄ የሚመጣው መልስ «ማሻአላህ» ነው። የተጠየቀው አቅራቢው የማያውቀው፣ ተመልካቹ ግን ወርቅ ቤት ሄዶ ያየው ነገር ነው። ፈርጥ ያለው ቀለበት ከነድንጋዩ ከተመዘነ ሂሳቡ ይሳሳታልና መልሱ ለሌላውም ይጠቅማል። «ስንት ግራም አላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ መልስ ያመጣ ይሆናል፤ ግን የእህቶቻችንን ንብረት በአደባባይ ማስቆጠር ነው። የቻናሉን ስምና ፎቶ አስመስለው «በቴሌግራም አናግሩኝ» የሚሉ አጭበርባሪዎች የሚጠብቁትም ይህንኑ ነው።

«አልጎሪዝሙ ኮመንት ይወዳል፣ አሚን ካልበዛ ቪዲዮው አይደርስም» የሚሉ አሉ። ይሁን፣ ሰው እንዲደርሰው መፈለግ ነውር አይደለም። ሰብስክራይብ አድርጉ ማለት ካስፈለገ በቪዲዮው መጨረሻ ላይ በሉት። ግን ልጠይቃችሁ፦ የተሳሳተ ሂሳብ ብዙ ሰው ጋ እንዲደርስ ነው አሚን የምናስብለው? ደግሞስ ዱዓ ያልተደረገበት ቦታ ላይ አሚን ማስባል ምን የሚሉት ነው?

ሌሎች ደግሞ «ስህተትን ከላይ መስቀል ክብር ይቀንሳል» ይላሉ። ክብር የሚቀንሰው ተመልካች ስህተቱን አግኝቶ ጽፎ፣ ኮመንቱ ሲጠፋበት ነው። ከቻላችሁ የሱን ኮመንት ፒን አድርጉት፤ ዩቲዩብ ይህን ይፈቅዳል፤ እናንተ ከሥሩ ማብራሪያ ጻፉ።

ኮመንቱ ሥራውን መሥራቱን እንዴት ታውቃላችሁ? የመጀመሪያዎቹን አሥር መልሶች አንብቡ። ሁሉም «ጀዛከላህ» ብቻ ከሆነ ጥያቄው ደካማ ነው። አንድ ዓይነት ጥያቄ ሁለቴ ከመጣ ጽሑፉ ውስጥ የጎደለ ነገር አለ፤ ጨምሩበት። ካስተካከላችሁ በኋላ ገጹን ከፍታችሁ ፒኑ በቦታው መኖሩን አረጋግጡ። የወርቅ ዋጋ በብር ከጻፋችሁ ቀኑን አብራችሁ ጻፉ፤ ዋጋው ሲለወጥ ቀን የሌለው ቁጥር ራሱ አዲስ ስህተት ይሆናል።

ይህ ሁሉ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ቪዲዮ ለመቅረጽና ለማቀናበር ሁለት ቀን የሚያጠፋ ሰው ግማሽ ሰዓት አያጣም። ዛሬ ማታ ብዙ ሰው ያየውን ቪዲዮአችሁን ክፈቱ። ከላይ «አሚን ሳትሉ እንዳታልፉ» የሚል ካለ አውርዱት። ከሥሩ ተቀብሮ የቀረውን የዚያን ሰው ኮመንት ፈልጋችሁ መልሱለት፤ ምናልባት ትክክል እሱ ነው።