በአንድ ካርድ ሁለት ቤተሰብ ሲጠራ፦ የማን ስም ይቅደም?

በልማዳችን የሰርግ ጥሪ ካርድ የሚወጣው ከየቤቱ ነው። የሙሽራዪቱ ወላጆች በስማቸው ይጠራሉ፤ የሙሽራውም ወላጆች እንዲሁ። ጠሪው አንድ ቤት ስለ ሆነ «ልጃችን ወ/ሪት እገሊት ከአቶ እገሌ ጋር» ብሎ የራሱን ልጅ ማስቀደሙ ተገቢ ነው። ሁለቱ ቤተሰቦች ድግሱን በአንድነት ሲያዘጋጁ ግን ይህን አጻጻፍ እንዳለ መውሰድ አያስኬድም። «ልጃችን» የሚለው የማን ልጅ እንደ ሆነ አይለይም፤ «ከ… ጋር» የሚለውም አንዱን ወገን ባለቤት፣ ሌላውን ተከታይ ያደርጋል። በዚህ ፈንታ «ልጆቻችን» እና «እና» ሊገቡ ይገባል።

የቅደም ተከተሉ ጥያቄ ግን በዚህ አያበቃም። እንደ እኔ አሳብ ካርዱ ሁለት የክብር ቦታዎች አሉት፤ የጠሪዎቹ ስም የሚሰፍርበት ላይኛው ክፍልና የሙሽሮቹ ስም የሚሰፍርበት መካከለኛው። አንዱ ቤት በላይኛው ከቀደመ ሌላው በመካከለኛው ይቅደም። ለምሳሌ ያህል በተመረጡ ስሞች እንዲህ ይጻፋል፦

«አቶ ገመቹ በዳሳ እና ወ/ሮ አስናቀች ዓለሙ
አቶ ተሰማ ይመር እና ወ/ሮ ዘነበች ሞላ
ልጆቻችን ዳዊት ተሰማ እና ሰናይት ገመቹ የሚፈጽሙትን ጋብቻ ምክንያት በማድረግ፣ በጋራ ባዘጋጀነው የምሳ ግብዣ ላይ እንዲገኙልን በአክብሮት ጠርተንዎታል።»

«ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ አንባቢው ይደናገራል» የሚል ይኖራል። በእኛ አገር ግን ልጅ በአባቱ ስም ስለሚጠራ ዳዊት የማን፣ ሰናይት የማን እንደ ሆኑ ስማቸው ራሱ ይናገራል። የሚያደናግረው ሁለቱን አባቶች አስቀድሞ ሁለቱን እናቶች ማስከተል ነው። እናት የምትጠራው በራሷ አባት ስም ስለ ሆነ ከባለቤቷ መስመር ከወጣች የየትኛዋ ሙሽራ ወገን እንደ ሆነች አትታወቅም። ሁለቱ አባቶች ስመ ሞክሼ ከሆኑ ወይም ልጁ በአሳዳጊው ስም የሚጠራ ከሆነ ደግሞ ከየጥንዱ በላይ «የሙሽራው ወላጆች»፣ «የሙሽራዪቱ ወላጆች» ብሎ መጻፍ ይበጃል።

አንዱ አባት ቀሲስ ወይም ዶክተር፣ ሌላው አቶ ቢሆኑ ማዕረጉ ከስሙ ጋር ይጻፍ እንጂ ቅደም ተከተሉን አይወስን። ካልሆነ ሁለተኛው ቤት በገዛ ድግሱ እንግዳ ይሆናል። ከአባቶቹ አንዱ ያረፉ እንደ ሆነ እናት ብቻቸውን በመስመራቸው ይጻፉ፤ «ጠርተንዎታል» የሚለው የሕያዋን ቃል ነውና። የአባት መታሰቢያ በልጃቸው ስም ውስጥ አለ።

አማርኛና ኦሮምኛ ጎን ለጎን በሚነገሩባት ከሚሴ ደግሞ ሌላ መልካም ዕድል አለ። ካርዱ በሁለቱ ቋንቋዎች ከታተመ በአማርኛው ገጽ የሙሽራዪቱ ወላጆች፣ በኦሮምኛው ገጽ የሙሽራው ወላጆች ይቅደሙ፤ የሙሽሮቹም ስም እንዲሁ ይገልበጥ። ረቂቁም ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ከሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ። ጆሮን የሚከብድ ስፍራ ካለ፣ ካርዱ ከመታተሙ በፊት የሚታረመው ያን ጊዜ ነው።