«ቃሉን ቀያይረህ አምጣ»

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጤና ነክ ጽሑፎችን በሚያወጣ አንድ ድረ ገጽ ላይ እሠራ ነበር። አለቃዬ ሌላ ቦታ የወጣ ጽሑፍ ሊንኩን ይልክልኛል፤ ከሥሩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ትእዛዝ አለ፦ «ቃሉን ቀያይረህ አምጣ።» አንብበው፣ ይግባህ፣ ከዚያ በራስህ አባባል ጻፈው አላለኝም። ቀያይረህ ነው ያለኝ። እኔም ቀያየርኩ። ለእያንዳንዱ ቃል ተመሳሳዩን እየፈለግኩ፣ አንዳንዴም ፓራፍሬዝ የሚያደርግ ሶፍትዌር እያገዘኝ፣ በቀን አምስት ስድስት ጽሑፍ አወጣ ነበር።

አንድ ቀን የደረሰኝ ስለ ሕፃናት ተቅማጥ ነበር። ዋናው አንቀጽ ከሞላ ጎደል እንዲህ ይል ነበር፦

«ሕፃኑን ተቅማጥ ከያዘው አንድ ፓኬት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጡ። ቶሎ ቶሎ በትንሽ በትንሹ አጠጡት። ካስመለሰው አሥር ደቂቃ ጠብቃችሁ ቀጥሉ። ጡት ማጥባት አታቋርጡ። የተበጠበጠው 24 ሰዓት ካለፈው ድፉት።»

«ንጹሕ ውኃ» የሚለውን «ጥርት ያለ ውኃ» አደረግኩት። ያምራል እኮ! እንደውም ከመጀመሪያው የተሻለ አማርኛ መሰለኝ። ወጣ፣ ተነበበ፣ ተረሳ። ከሳምንታት በኋላ ገጠር ያሉት አክስቴ ደወሉልኝ፤ የልጅ ልጃቸው ታሟል። ኦአርኤሱን ከጤና ኬላ አምጥተዋል። እኔም የራሴን ጽሑፍ ከስልኬ ላይ ከፍቼ በኩራት አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «እንግዲያማ የምንጩ ይበቃላ፤ ሥሩ ያለው ጠጠር እስኪቆጠር ጥርት ያለ ነው» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ያነበብኩላቸው ይህንኑ ነው። «አይ፣ አፍልተው ያቀዝቅዙት» አልኳቸው በጥድፊያ፣ እሳቸውም «ታዲያ እንደሱ አትልም?» ብለው ስልኩን ዘጉ።

ልጁ ድኗል። እኔን ግን ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ጥርት ያለ ውኃ ዓይን የሚፈርድበት ነው፤ ንጹሕ ውኃ ግን ዓይን የማያየው ነገር የሌለበት ነው። ሁለቱ ቃላት በብዙ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቦታ ይለዋወጣሉ። እዚህ ግን አይለዋወጡም፤ ምክንያቱም የአንቀጹ ጉዳይ በሙሉ ያ ዓይን የማያየው ነገር ነው። ተመሳሳይነት የቃሉ ንብረት አይደለም። ቃሉ ባለበት ቦታ ብቻ የሚኖር፣ ቦታው ሲለወጥ የሚጠፋ ነገር ነው። «ቃሉን ቀያይር» የሚል ትእዛዝ ደግሞ ቦታውን አትይ ማለት ነው።

ከንዴቴ የተነሣ ያንኑ አንቀጽ ሆን ብዬ፣ ልክ እንደ ማሽን፣ ትርጉሙን ሳላይ ቀየርኩት። ደንቤ አንድ ብቻ ነበር፦ አዲሱ ቃል ቢያንስ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የድሮውን የሚተካ መሆን አለበት። ውጤቱ ይኸውላችሁ፦

«ሕፃኑን ተቅማጥ ከጨበጠው አንድ ፓኬት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ወንጀል የሌለበት ውኃ አውኩ። ፈጥነው ፈጥነው በጥቂት በጥቂቱ አጠጡት። መልሶ ከተረከበው አሥር ደቂቃ ታግሣችሁ ቀጥሉ። ጡት ማጥባት አትሻገሩ። የታወከው 24 ሰዓት ከበለጠው አጥልቁት።»

ሳቁ፣ ግን እያንዳንዱን እዩት፤ አንዱም ከሰማይ አልወረደም። ንጹሕ ሰው ወንጀል የሌለበት ነው። ሰላም የበጠበጠ ሰላም አወከ። መንገድ ያቋረጠ ተሻገረ። ንብረቱን ያስመለሰ መልሶ ተረከበ። ባርኔጣ የደፋ አጠለቀ። ሁሉም ትክክለኛ ተመሳሳዮች ናቸው፤ የተሳሳተው ዓረፍተ ነገሩ ነው። ደግሞም አስተውሉ፦ «አትሻገሩ» እና «አጥልቁት» ማንንም አይጎዱም፤ ማንም ሰው ሲያነብ ይስቅና ዘሎ ያልፋል። ጉዳት የሚያደርሰው የማያስቀው ነው። እኔ ያወጣሁት «ጥርት ያለ ውኃ» ማንንም አላሳቀም።

አማርኛ ለእንዲህ ዓይነቱ ጨዋታ በተለይ አይመችም። አንደኛ ነገር ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። «ገና» ሲላላ «እስካሁን» ነው፣ ሲጠብቅ በዓሉ ነው፤ በጽሑፍ ግን አንድ ናቸው። ስለዚህ «ደመወዝ ገና አልገባም» የሚለውን ትርጉም የማያይ ማሽን «ደመወዝ የልደት በዓል አልገባም» ቢለው ከፊደሉ አንጻር ጥፋቱ ምንድን ነው? «ዋና ጸሐፊ»ም እንደዚያው ነው፤ አንዴ ካላላነው ሰውየውን መዋኛ ገንዳ ውስጥ እናገኘዋለን። ሁለተኛ፣ ግሶቻችን ብቻቸውን አይኖሩም። «ዝም አለ» ውስጥ ያለውን «አለ» በ«ተናገረ» ብትተኩት «ዝም ተናገረ» ይሆናል። ወታደሮቹ «እጅ ሰጡ» የሚለው «መዳፍ ለገሱ» ሲሆን የምርኮ ታሪኩ የበጎ አድራጎት ዜና ይሆናል። ሦስተኛው ማዕረግ ነው። «አረፉ» ለሰው ሲሆን ሞትን በአክብሮት ይናገራል። «አውሮፕላኑ ቦሌ አረፈ» የሚለውን በዚያው መንገድ የቀየረ ሰው ግን አገር ያስለቅሳል።

(ባለቅኔ ይህንኑ የቃል መንታነት ሰምና ወርቅ ይሠራበታል። ልዩነቱ፣ ባለቅኔው ሁለቱንም ትርጉም አስቀድሞ ያውቃል።)

ችግሩ የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንግሊዝ አገር ሚድልሴክስ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ክሪስ ሳድለር የተማሪዎቹን ጽሑፍ ሲያርም «ሲኒስተር በተክስ» የሚል ሐረግ ገጠመው። ቃል በቃል «ክፉ መቀመጫዎች» እንደማለት ነው። ግራ ተጋብቶ ሲፈታው «ሌፍት ቢሃይንድ» የሚለው ሆኖ ተገኘ፤ «ወደ ኋላ የቀረ» ማለት ነው። «ሌፍት» ግራም ስለሆነ፣ ግራ በጥንቱ ላቲን «ሲኒስተር» ስለሆነ፣ «ቢሃይንድ» ደግሞ በጨዋ አነጋገር መቀመጫ ስለሆነ። ሳድለር ድርጊቱን በታዋቂው የተመሳሳይ ቃላት መዝገብ አዘጋጅ በሮጄት ስም «ሮጄቲንግ» አለው። ይህ በ2014 መነጋገሪያ ሆነ።

ያ እንግዲህ ተማሪ ነው። በ2021 ግን ጊዮም ካባናክ፣ ሲሪል ላቤ እና አሌክሳንደር ማጋዚኖቭ የተባሉ ተመራማሪዎች በሳይንስ መጽሔቶች ውስጥ ያገኙትን ይፋ አደረጉ። «ብሬስት ካንሰር» ማለትም የጡት ካንሰር፣ «ቡዝም ፔሪል» ሆኗል፤ የደረት አደጋ። አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ «ካውንተርፊት ኮንሸስነስ» ሆኗል፤ ሐሰተኛ ኅሊና። የመሐንዲሶቹ «ሲግናል ቱ ኖይዝ» ደግሞ «ፍላግ ቱ ክላመር»፤ ባንዲራ ለጫጫታ። ተመራማሪዎቹ እነዚህን «የተሰቃዩ ሐረጎች» አሏቸውና እንደ አሻራ ተጠቀሙባቸው፤ ሐረጉን ፈልግ፣ የተጭበረበረውን ጽሑፍ ታገኛለህ። እኔን የሚያስደነግጠኝ ሐረጎቹ አይደሉም። ጽሑፎቹ ታትመዋል። ከደራሲው እስከ አርታኢው አንድ ሰው እንኳ ቁጭ ብሎ ቢያነብ ኖሮ «የደረት አደጋ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር።

አሁን ያሉት መሣሪያዎች ተሻሽለዋል ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ ስለሚያዩ መዳፍ አያስለግሱም። ግን ስሕተቱ አልጠፋም፤ ልብስ ለበሰ እንጂ። «ሊረዳ ይችላል» የነበረው «ይረዳል» ይሆናል። አማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ ገልብጦ መልሶ ማምጣት የሚወዱ ጓደኞች አሉኝ፤ «አያቴ መጡ» ብለው ይልካሉ፣ «አያቴ መጣች» ሆኖ ይመለሳል። አንቱታው ባሕር ማዶ ቀርቷል። የድሮው ማሽን ሲያጠፋ ይጮህ ነበር፤ የአሁኑ ፀጥ ብሎ ያጠፋል።

ከዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ ጋር ስንጨቃጨቅ የሚሰጡኝ መልስ ሌላ ነው። «በሁለተኛ ቋንቋ ቴሲስ ጻፍ ተብለናል፣ አማካሪው የሚያየው የመመሳሰል ፐርሰንቱን ብቻ ነው፤ አውርድ ይለናል፣ እናወርዳለን።» ይገባኛል፣ ጥፋቱም የነሱ ብቻ አይደለም። ጽሑፍን በፐርሰንት የሚመዝን ሰው «ቃሉን ቀያይረህ አምጣ» ካለው አለቃዬ በምን ይለያል? ሆኖም የሚከራከሩበት ምክንያት ራሱ ይቃወማቸዋል። ቋንቋው ሁለተኛቸው ከሆነ ማሽኑ ያመጣው ቃል ሲያነክስ ለመስማት ጆሯቸው አልሠለጠነም ማለት ነው። በማይሰሙት ቋንቋ የማይሰማ ረዳት ቀጠሩ። በዚያ ላይ ቃሉን ሁሉ ብትቀይሩት እንኳ ሐሳቡ የሰውየው ነው፤ ስሙን ሳትጠቅሱ ከወሰዳችሁት ዜሮ ፐርሰንትም ሌብነት ነው።

እና ምን አደረግኩ? ከአክስቴ ስልክ በኋላ አንቀጹን እንደገና አነበብኩ፣ ዘጋሁት፣ ከዚያ አጠገቤ ለተቀመጠ የሥራ ባልደረባዬ በቃሌ ነገርኩት። «አንድ ፓኬት በአንድ ሊትር» ስል «ግማሽ ሊትር ቢሆንስ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ስንት ጊዜ የቀየርኩትን ዓረፍተ ነገር አላውቀውም ነበር። ሄጄ አንድ ነርስ ጠየቅኩ፦ ጨውና ስኳሩ ተመጣጥነው ሲገኙ ነው አንጀት ውኃውን ወደ ሰውነት የሚያስገባው፤ ሲወፍር ጨው ይበዛበትና ሕፃኑን ይጎዳል፣ ሲቀጥን ደግሞ የሚፈለገውን ያህል አይሠራም። ይህን ካወቅኩ በኋላ ቃል መፈለግ አላስፈለገኝም። አክስቴን ፊቴ አስቀምጬ፣ እሳቸው መጀመሪያ የሚያደርጉት ምንድን ነው ብዬ ጻፍኩት፦

«መጀመሪያ ውኃ አፍልታችሁ አቀዝቅዙ። ባለ አንድ ሊትሩን የሃይላንድ ፕላስቲክ አጥባችሁ በዚህ ውኃ ሙሉት፤ መለኪያችሁ እሱ ነው። አንዱን ፓኬት ኦአርኤስ ሳታስተርፉ ጨምሩበትና እስኪሟሟ ድረስ በደንብ ናጡት። ፓኬቱን ወይም ውኃውን አትግመሱ፤ ሲወፍርም ሲቀጥንም መድኃኒትነቱ ይበላሻል። ለልጁ በማንኪያ ቶሎ ቶሎ ስጡት። ቢያስመልሰው አሥር ደቂቃ አሳርፉትና እንደገና ጀምሩ። የሚጠባ ከሆነ ጡቱንም ይጥባ። እስከ ነገ በዚህ ሰዓት ያላለቀውን ድፉና አዲስ በጥብጡ።»

«ድፉ»ንም «በጥብጡ»ንም እንዳሉ ተውኳቸው፤ ሰው የሚለው እንደዚያ ነው። አንድ ፓኬት፣ አንድ ሊትር፣ አሥር ደቂቃም አልተነኩም፤ የሚቀየሩ አይደሉም። የተለወጠው ቅደም ተከተሉ ነው። ዋናው ጽሑፍ ከፓኬቱ ይጀምራል፤ ሌሊት ልጅ ይዞ ለሚነቃ ሰው ግን ሥራው ከውኃው ነው የሚጀምረው። ይህን ምንም ዓይነት ዝርዝር አይሰጥም። ሲጠናቀቅ ጎን ለጎን አስቀምጬ ያጎደልኩት ነገር እንዳለ አየሁ፣ ምንጩን ከታች ጠቀስኩ። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። በቀን ስድስት ጽሑፍ ማውጣቴም በዚያው አከተመ። አለቃዬ ደስ አላለውም።

የድሮውን ጽሑፍ ከድረ ገጹ ላይ አስተካከልኩት። ግን በቅርቡ ያንን አንቀጽ ኢንተርኔት ላይ ስፈልገው ሌሎች ሁለት ገጾች ላይ አገኘሁት፤ ከኔ ቀድተው፣ እንደኔው ቀያይረው። አንዱ ጋ «ጥርት ያለ ውኃ» እንዳለ ነው። ሁለተኛው ጋ «ብሩህ ውኃ» ሆኗል።