«ትንሽ ሞል ያለው ነው ሊሚቲንግ» ማለት ይብቃ!

ይቺን አባባል በየሾርት ኖቱ አያታለሁ። ልጆቹ እንደ ዳዊት ይደግሟታል። ስህተት ናት! ግን ከማንም በፊት ራሴን ልክሰስ። ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን እኔም እንደዚሁ ብዬ አስተምሬያለሁ፤ የአንዲት ተማሪን ትክክለኛ መልስም ኤክስ አድርጌባታለሁ።

ጥያቄው ይሄ ነበር፦ 28.0 ግራም ናይትሮጅን ከ5.00 ግራም ሃይድሮጅን ጋር ቢዋሃድ፣ ሪአክሽኑም እስከ መጨረሻው ቢሄድ፣ ስንት ግራም አሞኒያ እናገኛለን?

N₂ + 3H₂ → 2NH₃

ወደ ሞል ስንቀይረው ናይትሮጅኑ 1.00፣ ሃይድሮጅኑ 2.48 ይመጣል። እኔ «ያነሰው ናይትሮጅን ነው» ብዬ መልሱን 34.0 ግራም አደረግኩ። ልጅቷ 28.2 ብላለች። ወረቀቷን ይዛ መጣችና «ቲቸር፣ የገባው እኮ በድምሩ 33 ግራም ነው። 34 ከየት መጣ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ነገሩ ቀላል ነው። አንድ ሞል ናይትሮጅን ሦስት ሞል ሃይድሮጅን ይፈልጋል፤ ያለን ግን 2.48 ብቻ ነው። ስለዚህ ቀድሞ የሚያልቀው ብዛት ያለው ሃይድሮጅን ነው። ማወዳደር ያለብን ሞሉን ሳይሆን፣ ሞሉ ከፊቱ ላለው ቁጥር ሲካፈል የሚመጣውን ነው፦ 1.00 ለ1 እና 2.48 ለ3፣ ማለትም 1.00 እና 0.827። አቋራጯ ሁልጊዜ የምትሠራው ሬሾው አንድ ለአንድ ሲሆን ብቻ ነው። የምታታልለንም ለዚሁ ነው፤ አንዳንዴ ትክክል ትሆናለች።

መልሳችሁን ስትጨርሱ የልጅቷን ጥያቄ ጠይቁ። 28.2 ግራም አሞኒያ፣ ሲደመር ሳይነካ የቀረው 4.8 ግራም ናይትሮጅን፣ 33.0 ግራም። ገጠመ። ካልገጠመ መጀመሪያ ሬሾውን ፈትሹ።

ደግሞ «ሲግኒፊካንት ፊገር ለፈተና ብቻ ነው» የምትሉ አላችሁ። 2.48ን መሃል ላይ 2.5፣ ቀጥሎ የመጣውን 1.67 ደግሞ 1.7 ያደረገ ልጅ መጨረሻ ላይ 29.0 ያገኛል። 0.8 ግራም ከየትም ያልመጣ አሞኒያ! ካልኩሌተሩ ያሳየውን 28.158069 እንዳለ የሚገለብጠውም ያው ነው፤ በሦስት አሃዝ በተመዘነ ነገር ስምንት አሃዝ ማወቅ አይቻልም። ማጠጋጋት አንዴ፣ መጨረሻ ላይ። ከፎርሙላው ፊት ያሉት 2 እና 3 ደግሞ ቆጠራ እንጂ ልኬት አይደሉም፤ «3 አንድ አሃዝ ስለሆነ መልሱ 30 ነው» የሚል ካለ ተሳስቷል።

የሙያ ጓደኞቼ፣ መልሱን ብቻ አይተን ኤክስ አናድርግ። ያኔ የልጅቷን ማርክ አስተካክዬላታለሁ። በዚያ ዓመት ያስተማርኳችሁ ሌሎቻችሁ ግን፣ አቋራጯን ይዛችሁ ከወጣችሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅርታ።