በሳምንት አምስት ሰዓት ብቻ ላለው ሰው የትኛው ኮርስ?



በዚህ ሳምንት ብቻ አራት ሰዎች በውስጥ መስመር «ነፃ ኮርስ ወጥቷል፣ ልመዝገብ ወይ?» ብላችሁኛል። ሊንኩ አራቱም ላይ የተለያየ ነው። ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

መጀመሪያ የራሴን ልናዘዝ። ናይሮቢ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ስድስት ኮርስ ከፍቼ ነበር። ድረ ገጽ መሥራት፣ ዳታ ትንተና፣ ግራፊክስ፣ ሌላም ሌላም። በዓመቱ መጨረሻ የጨረስኩት አንድም የለም። «እንኳን ወደ ኮርሱ በደህና መጣችሁ» የሚለውን ቪዲዮ ግን በስድስት ሰው ድምፅ ሰምቼዋለሁ። ያኔ ሰነፍ ነኝ ብዬ ራሴን ስወቅስ ከረምኩ። አሁን ሳየው ግን ችግሩ ሌላ ነበር። ማታ ስንት ሰዓት እንዳለኝ አንድ ቀን እንኳ ቆጥሬ አላውቅም።

ስለዚህ ባለፈው ዓመት አንዲት እህታችን «ዳታ ትንተና ልማር» ብላ ስትመጣ አብረን ቁጭ ብለን ቆጠርን። ታሪኩን ጻፈው ብላኛለች፣ ስሟን ግን አልጠቅስም። ኢስሊ ጨርቅ ቤት ነው የምትሠራው። ሱቁ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ይዘጋል። ቤት ደርሳ፣ እራት ሠርታ፣ ልጇን አስተኝታ ስልኳን የምትይዘው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አምስት ሰዓት ሳይሞላ እንቅልፍ ይጥላታል። በወረቀት ላይ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ አለ፣ ሰባት ቀን ሲባዛ ደስ ይላል። እኔ ግን «አንድ ሳምንት ሙሉ የእውነቱን ጻፊ» አልኳት። አንድ ማታ መብራት ጠፋ፣ አንድ ማታ ከአገር ቤት ተደወለ፣ አንድ ማታ ደክሟት ልብሷን ሳታወልቅ ተኛች። የተረፉት አራት ማታዎች ናቸው፣ እያንዳንዳቸው ሰባ አምስት ደቂቃ ያህል። በሳምንት አምስት ሰዓት ማለት ነው።

አሁን ኮርሱን እንየው። የመረጠችው የሙያ ሰርተፊኬት «ስድስት ወር፣ በሳምንት አሥር ሰዓት» ይላል። ሃያ ስድስት ሳምንት በአሥር ሲባዛ 260 ሰዓት ነው። በአምስት ሰዓት ከተሄደ አንድ ሙሉ ዓመት። ይህ ደግሞ እንግሊዝኛ እንደ ውኃ ለሚጠጣ ሰው የተቆጠረ ነው። እሷ ቪዲዮውን እያቆመች ቃል ትፈልጋለች። በሰዓት ለካነው፤ የአሥር ደቂቃ ቪዲዮ አሥራ ሰባት ደቂቃ ወሰደባት። እንግዲህ ዓመቱ ወደ ዓመት ከስምንት ወር ገደማ ሄደ። ከእኛ መካከል ዓመት ከስምንት ወር በአንድ ቤት ሳይለቅ፣ ሥራ ሳይቀይር የተቀመጠ ማን ነው?

በአንፃሩ ስለ ኤክሴል ብቻ የሚያስተምር የሃያ ሰዓት ኮርስ ነበር። በእሷ ፍጥነት ሠላሳ አራት ሰዓት፣ ማለትም ሰባት ሳምንት። ትልቁም ኮርስ ቢሆን መጀመሪያ ላይ የሚያስተምረው ይህንኑ ስለሆነ የምታጣው ነገር የለም።

ሰዓቱ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ «ማን ይከፍለኛል?» የሚለው ነው። እዚህ አገር ስደተኛ በቢሮ ለመቀጠር ክላስ ኤም የሚባለው የሥራ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ እሱን ለማግኘት የሚደክሙትን ታውቋቸዋላችሁ። ሰርተፊኬት ያንን በር አይከፍትም። በኢንተርኔት ከውጭ ሥራ እወስዳለሁ የምትሉ ደግሞ ኮርሱን ከመጀመራችሁ በፊት የሚያሠራው ድርጅት የትኛውን መታወቂያ እንደሚቀበል፣ ገንዘቡንም በምን እንደሚልክ እዩ። ስምንት ወር ተምሮ መታወቂያው ላይ የቆመ ወንድም አውቃለሁ።

እህታችን ሳትመዘገብ በፊት የሱቋን ባለቤትና ሁለት ጎረቤት ነጋዴዎች «ደብተር ላይ ጽፋችሁ የሚጠፋባችሁ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። ሦስቱም አንድ መልስ ሰጡ፣ ዱቤ። በቃ፣ ኮርሱን የመረጠልን እሱ ነው።

በአምስተኛው ሳምንት የዱቤ ደብተሩን ወደ ኤክሴል አዞረችው። A ላይ ቀን፣ B ላይ የደንበኛ ስም፣ C ላይ የወሰደው፣ D ላይ የከፈለው። G2 ላይ የአንድን ሰው ስም ስትጽፍ ቀሪ ዕዳውን የምታገኘው በዚህች መስመር ነው፤

```
=SUMIF(B:B,G2,C:C)-SUMIF(B:B,G2,D:D)
```

መጀመሪያ ላይ ተሳሳተባት። የደንበኞቹ ዕዳ ሲደመር ከደብተሩ ድምር አነሰ። ሁለት ማታ ፈለገችው። ለካ አንዷ ደንበኛ አንድ ቦታ Halima፣ ሌላ ቦታ Haleema ተብላ ተጽፋለች፣ ኤክሴል ደግሞ ሁለት ሰው አድርጎ ይቆጥራታል። ከዚያ ወዲያ ስሙን በእጅ መጻፍ ትታ ከዝርዝር እንዲመረጥ አደረገችው፣ Data Validation በሚለው። እውነት ለመናገር ከኮርሱ ሁሉ ይበልጥ የተማረችበት እነዚያ ሁለት ማታዎች ናቸው። የሱቁ ባለቤት ደመወዟ ላይ ጨመረላት። ብዙ አይደለም፣ የኢንተርኔቷን ወጪ ይሸፍናል። ጎረቤቱ ሱቅም የእሱን ደብተር እንድትይዝለት ጠይቋታል። ሰርተፊኬቱን እስካሁን «አሳዪኝ» ያላት የለም።

ስለ ሰርተፊኬት ካነሳሁ አይቀር፣ «ነፃ» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ አንብቡት። ብዙ ቦታ ነፃው ማየት ነው፤ የሚታረመው ፈተናና ወረቀቱ በክፍያ ነው። ኮርሴራ ላይ የገንዘብ ድጋፍ መጠየቅ ይቻላል፣ ግን መልሱ ሁለት ሳምንት ያህል ያስጠብቃል። ቪዲዮውን ደግሞ ዋይፋይ ባለበት ቦታ አፑ ላይ አውርዱት። በዳታ እያያችሁ ከሆነ ኮርሱ ነፃ አይደለም።

አሜሪካ ያላችሁ ዘመዶቻችን፣ ይህ ለእናንተ ነው። «ስትመጣ ነርስ ረዳት ትሆናለህ፣ ከወዲሁ ኦንላይን ተማር» ትሉናላችሁ። በፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን እዚያ ሕጉ ቢያንስ 75 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል፣ ከዚያ ውስጥ 16ቱ በአሠልጣኝ ፊት በእጅ የሚሠራ ነው፣ ሥልጠናውም ግዛቱ ያጸደቀው መሆን አለበት። እዚህ ኢስሊ በስልክ የታየ ቪዲዮ ያንን አይተካም። የጉዞው ቀን ደግሞ በማንም እጅ የለም። ከዚህ ይልቅ እንግሊዝኛ ተማሩ በሉን፤ እሱ ብንሄድም ብንቀርም ይሠራል።

«አንተ ሰውን ትንሽ እንዲያልም ታደርጋለህ» ብሎ የወቀሰኝ ወዳጅ አለ። አልተቀየምኩም፣ ግማሹ እውነት ነው። ሃያ ዓመት የሞላው፣ ቤተሰብ የሌለበት፣ በሳምንት ሃያ ሰዓት ያለው ልጅ 260 ሰዓቱን በሦስት ወር ይጨርሰዋል፣ እሱን አልከለክለውም። እኔ የማወራው አምስት ሰዓት ስላለን ሰዎች ነው።

እህታችን አሁን የዳታውን ኮርስ መልሳ ከፍታዋለች። የመጀመሪያውን ክፍል ቶሎ ቶሎ እያለፈችው ነው፣ ታውቀዋለችና። እኔም ከስድስቱ አምስቱን ከስልኬ ላይ አጥፍቼ አንዱን ይዣለሁ፣ አራተኛው ሳምንት ላይ ነኝ። ልትመዘገቡ ያሰባችሁ፣ የዚህን ሳምንት የማታ ሰዓታችሁን ቆጥራችሁ ቁጥሩን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። የኮርሱን ስም በኋላ እናያለን።